«እባክዎ ለእናቴ አይንገሯት»፦ የካንሰር ምርመራ ውጤት ለታማሚና ለቤተሰብ የሚነገርበት ሥርዓት

በአሜሪካ፣ በዋሽንግተን አካባቢ ከልጆቻቸው ጋር የሚኖሩ የ62 ዓመት እናት በግራ ጡታቸው ላይ ጠጠር ያለ እብጠት ካገኙ ሁለት ወር ሆኗቸዋል። ማሞግራምና አልትራሳውንድ ተነሥተዋል፤ ከእብጠቱም ላይ በመርፌ ናሙና ተወስዷል። ውጤቱ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ደረሰ፤ ካንሰር ነው። ሐኪሟ ውጤቱን የምትነግራቸው ሐሙስ ጠዋት ነበር። ረቡዕ ዕለት ግን የታማሚዋ የበኩር ልጅ ስልክ ደወለ። «ውጤቱን አይቼዋለሁ። እባክዎ ለእናቴ አይንገሯት። ይህን ከሰማች በበሽታው ሳይሆን በድንጋጤው ትሞትብናለች» አላት።

ይህ ታሪክ ለትምህርት እንዲያመች የተቀናበረ ምሳሌ እንጂ የአንድ የሚታወቅ ቤተሰብ ገጠመኝ አይደለም። ይሁን እንጂ ከአገር ርቆ ወላጁን ሐኪም ቤት ያመላለሰ ሰው ሁሉ የልጁን ልመና በሚገባ ያውቀዋል። በዚህ ጽሑፍ ከልጁ የስልክ ጥሪ ጀምረን እናትየዋ ከሐኪሟ ክፍል እስኪወጡ ድረስ የሚባለውን ቃል በቃል እንከተላለን። የምንመረምረውም ጥያቄ አንድ ነው፦ ቤተሰብ «አይነገራት» ሲል፣ ሕጉና የሕክምና ሥነ ምግባር ደግሞ «የታማሚዋ መብት ነው» ሲሉ፣ ሐኪም በሁለቱ መካከል እንዴት ይሄዳል?

መርዶና የምርመራ ውጤት

በአገራችን ክፉ ዜና የሚነገርበት የራሱ ሥርዓት አለ። መርዶ ሲኖር የቅርብ ዘመዶች፣ ጎረቤቶችና ሽማግሌዎች አስቀድመው ይመካከራሉ፤ ከዚያም በማለዳ ተሰብስበው ከባለ ሐዘኑ ቤት ይሄዳሉ። መርዶ ማታ አይነገርም፤ ብቻውን ላለ ሰውም አይነገርም። የሕክምና አንትሮፖሎጂ ተመራማሪዋ የውብዳር በየነ እ.ኤ.አ. በ1992 በአሜሪካ ስለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች ባሳተሙት ጥናት፣ ክፉ የሕክምና ዜናም በብዙዎች ዘንድ በዚሁ ዓይን እንደሚታይ አሳይተዋል፤ ዜናው አስቀድሞ ለቤተሰብ ወይም ለቅርብ ወዳጅ ደርሶ፣ ለታማሚው የሚነግረውም እርሱ እንዲሆን ይጠበቃል።

በዚህ ልማድ ውስጥ ጥበብ አለ። ጊዜ መምረጥ፣ ሰው ማሰባሰብ፣ ነገሩን በአንድ ጊዜ አለማፍሰስ፣ ከተነገረም በኋላ ጥሎ አለመሄድ፤ እነዚህ ሁሉ ዛሬ በሕክምና ትምህርት ቤቶች የሚሰጡ ትምህርቶች ናቸው። ልዩነቱ ሌላ ቦታ ላይ ነው። መርዶ ያለቀ ነገር ነው፤ ሰሚው ከማዘን በቀር የሚወስነው ነገር የለም። የካንሰር ውጤት ግን ያላለቀ ነገር ነው፤ ባለቤቱም ራሱ ሰሚው ነው። ቀዶ ጥገና የሚደረግላቸው፣ መድኃኒት የሚውጡት፣ ጎጂና ጠቃሚውን አመዛዝነው «እሺ» ወይም «እምቢ» የሚሉት እናትየዋ ናቸው። ቤተሰብ ውጤቱን እንደ መርዶ ሲይዘው፣ ሳያስበው እናትየዋን በሕይወት ሳሉ ከሟች ጋር ይቆጥራቸዋል።

ደግሞም መደበቅ የእኛ ብቻ ልማድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1961 በቺካጎ በተደረገ የታወቀ ጥናት ከተጠየቁት ሐኪሞች 90 በመቶ የሚሆኑት ለታማሚው ካንሰር መሆኑን ባይነግሩ እንደሚመርጡ ተናግረው ነበር። በ1979 ተመሳሳይ ጥያቄ ሲቀርብ ግን 97 በመቶዎቹ መናገርን መረጡ። በመካከሉ የተለወጠው የታማሚ መብት አስተሳሰብ ብቻ አልነበረም፤ ሕክምናውም ተሻሽሎ ነበር። ሊነገር የሚችል ተስፋ ሲገኝ እውነቱን መናገርም ይቀላል።

ስድስቱ እርምጃዎች

ዛሬ በብዙ አገሮች ሐኪሞች የሚሠለጥኑበት ሥርዓት «ስፓይክስ» ይባላል። ስያሜው የስድስት እንግሊዝኛ ቃላት የመጀመሪያ ፊደላት የተገጣጠሙበት ነው። ዋልተር ቤይልና ሮበርት ባክማን የተባሉ ሐኪሞች ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2000 አሳትመውታል። እርምጃዎቹ በአማርኛ እንዲህ ሊቀመጡ ይችላሉ፦ ቦታንና ሰውን ማዘጋጀት፣ ታማሚው የሚያውቀውን መጠየቅ፣ ምን ያህል ማወቅ እንደሚፈልግ ፈቃዱን መጠየቅ፣ ውጤቱን መንገር፣ ስሜቱን መቀበል፣ በመጨረሻም ቀጣዩን መንገድ ማሳየት።

አንባቢ እንደሚያስተውለው ውጤቱ የሚነገረው በአራተኛው እርምጃ ላይ ነው። ለልጁ ልመና መልስ የሚሰጠው ደግሞ ሦስተኛው፣ ማለትም ፈቃድ መጠየቅ ነው።

ረቡዕ፦ የልጁ ስልክ

ልጁ ውጤቱን አስቀድሞ ማየቱ ሊያስገርም አይገባም። በአሜሪካ ከ2021 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የፌዴራል ደንብ ምክንያት የምርመራ ውጤት አብዛኛውን ጊዜ ሳይዘገይ፣ አንዳንዴም ሐኪሙ ሳያየው፣ በታማሚው የኤሌክትሮኒክ የሕክምና ገጽ ላይ ይወጣል። ለወላጆቻቸው ገጹን የሚከፍቱላቸው ብዙውን ጊዜ ልጆች ናቸው። ልጁም ማክሰኞ ማታ በስልኩ ላይ «ካርሲኖማ» የሚለውን ቃል አይቶ፣ ትርጉሙን ፈልጎ፣ ሳይተኛ አድሯል። ሐኪሟ ይህን ማወቅ አለባት፤ የምታነጋግረው ከእናቱ ቀድሞ የደነገጠ ሰው ነው።

ንግግራቸው እንዲህ ይሄዳል።

ሐኪም፦ «ለእናትዎ በጣም እንደተጨነቁ ይገባኛል። እስቲ ይንገሩኝ፤ ቢነገራቸው ምን ይሆናል ብለው ነው የሚፈሩት?»

ልጅ፦ «አባቴ ታሞ ሳለ ሐኪሙ ፊት ለፊት ነገረው። ከዚያ ቀን በኋላ እህል በአፉ አልዞረም። በሁለት ወሩ ሞተ።»

ሐኪም፦ «ይህን ያየ ሰው ቢፈራ አይፈረድበትም። እኔም እናትዎ መስማት የማይፈልጉትን ነገር በግድ አልነግራቸውም። ነገር ግን እርሳቸው ሳይፈቅዱ ከማንም ጋር ስለ ውጤታቸው ልነጋገር አልችልም። ነገ ሲመጡ አስቀድሜ አንድ ነገር እጠይቃቸዋለሁ፤ ምን ያህል ማወቅ እንደሚፈልጉ፣ ከማን ጋር ሆነው መስማት እንደሚፈልጉ። ‹ለልጄ ንገሪው› ካሉ ለእርስዎ እነግራለሁ። ‹እኔው ልስማ› ካሉ ደግሞ እርስዎ አጠገባቸው ቢሆኑ እወዳለሁ። በቀጥታ ከጠየቁኝ ግን አልዋሻቸውም።»

በዚህ ንግግር ሐኪሟ ልጁን አልገሠጸችውም፤ ስለ ሕግ ከማውራቷም በፊት የሚፈራውን ጠየቀች። የልጁ ፍርሃት መነሻ ያለው ነው። አባቱ የሞቱት በሽታው ሥር ከሰደደ በኋላ ተገኝቶ ሊሆን ይችላል፤ በልጁ ልብ ውስጥ የቀረው ግን ቃሉና ሞቱ ተከታትለው መምጣታቸው ነው። ከዚያም ሐኪሟ ልትፈጽመው የምትችለውን ብቻ ቃል ገባች፤ በግድ አልነግርም አለች፤ እዋሻለሁ ግን አላለችም። ይህን ወሰን በስልኩ ላይ ያላስቀመጠ ሐኪም በማግሥቱ በእናትና በልጅ መካከል ተይዞ ይቀራል።

ልጁ ያላሰበው ሌላም ነገር አለ፤ ምስጢሩ አይቆይም። የሕክምና ክፍሉ በር ላይ የተጻፈው ስም፣ የፈቃድ ወረቀቱ፣ የጨረር ሕክምናው፣ የጎብኚው መብዛትና የልጆቹ ፊት መለዋወጥ ሁሉ ይናገራል። እናትየዋ ይረዱታል፤ ልጆቻቸው እንዳይጨነቁ ግን ያልገባቸው መስለው ይቀመጣሉ። በአንድ ቤት ውስጥ ሁሉም እያወቀ ማንም የማይናገርበት ጊዜ ይመጣል፤ በዚያን ጊዜ ከሁሉ ይበልጥ ብቻቸውን የሚሆኑት እናትየዋ ናቸው።

ከአስተርጓሚው ጋር አምስት ደቂቃ

ሐኪሟ አማርኛ አትችልም። ልጁ «እኔ አስተረጉማለሁ» ቢልም አልተቀበለችውም። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ የአሜሪካ ሐኪም ቤቶች ብቁ አስተርጓሚ ያለ ክፍያ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። ከሕጉ በላይ ግን ሰብዓዊ ምክንያቱ ይበልጣል፤ እናቱን «ካንሰር አለብሽ» ብሎ የመንገር ሸክም በልጅ አፍ ላይ መጫን የለበትም። ቢጫንበትም ቃሉን ይውጠዋል፤ «ትንሽ እብጠት ናት ይላሉ» ብሎ ያልፋል።

ሐኪሟ ወደ ክፍሉ ከመግባቷ በፊት ከአስተርጓሚው ጋር ብቻዋን አምስት ደቂቃ ትቀመጣለች። የሚስማሙት በጥቂት ቃላት ላይ ነው። አንደኛው የበሽታው ስም ነው። በአማርኛ ካንሰርን «ነቀርሳ» ማለት የቆየ አነጋገር ነው፤ «የሳንባ ነቀርሳ» ሲባል ግን ሕዝቡ የሚረዳው ቲቢን ነው። ስለዚህ «ነቀርሳ» የሚለው ቃል ብቻውን ሊያሳስት ይችላል። «እጢ» ደግሞ በሰውነት ውስጥ በተፈጥሮ ላለውም፣ ለማይጎዳውም እብጠት፣ ለካንሰርም ይውላል። ግልጹ ቃል «ካንሰር» ነው። ጥቅሙም ድርብ ነው፤ ቃሉ በእንግሊዝኛም በአማርኛም ስለሚቀራረብ፣ አማርኛ የማታውቀው ሐኪም እንኳ አስተርጓሚው በትክክል መናገሩን በጆሮዋ ልትለይ ትችላለች።

ሁለተኛው «ፖዘቲቭ» ነው። በሕክምና ቋንቋ ፖዘቲቭ ማለት የተፈለገው ነገር ተገኘ ማለት ነው። በተራ አነጋገር ግን አንዱ «መልካም ውጤት» ብሎ ሲሰማው፣ ሌላው ኤች አይ ቪ ተገኘብኝ ብሎ ይደነግጣል። ሦስተኛው «ደረጃ» ነው። በሽታው በሰውነት ውስጥ ምን ያህል እንደተስፋፋ የሚለካበትና ሕዋሶቹ በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ምን ያህል ከጤናማው እንደተለዩ የሚለካበት፣ ሁለቱም በአማርኛ «ደረጃ» ይባላሉ። በወረቀቱ ላይ ለሕዋሶቹ መልክ የተሰጠውን «3» ያየ ቤተሰብ በሽታው ሦስተኛ ደረጃ ደርሷል ብሎ ያለቅሳል። በመጀመሪያው ቀን ቁጥሮቹን ሁሉ ከመደርደር ይልቅ መተው ይሻላል።

ሐሙስ ጠዋት፦ በክፍሉ ውስጥ

ቀጠሮው የጠዋቱ የመጨረሻ ነው፤ ከኋላው የሚጠብቅ ሰው የለም። ስልኮች ተዘግተዋል። እናትየዋ ልብሳቸውን እንደለበሱ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ በምርመራ አልጋ ላይ አይደሉም። ወንድና ሴት ልጃቸው በግራና በቀኝ ናቸው። ሐኪሟም ተቀምጣለች፤ አስተርጓሚው ትንሽ ወደ ጎን ሆኗል። ሐኪሟ የምትመለከተውም የምታነጋግረውም እናትየዋን እንጂ አስተርጓሚውን ወይም ልጁን አይደለም። ይህ የመጀመሪያው እርምጃ ነው።

ሁለተኛው በጥያቄ ይጀመራል።

ሐኪም፦ «እናቴ፣ እስካሁን ስለተደረጉልዎት ምርመራዎች ምን ተረድተዋል? ናሙናውን ለምን እንደወሰድን ነግረውዎታል?»

እናት፦ «እብጠቷ ምን እንደሆነች ለማወቅ ነው ብለውኛል። ልጆቼ ምንም አይደለም ይላሉ። እኔ ግን ፊታቸውን አያለሁ።»

በአንድ ዓረፍተ ነገር እናትየዋ ሁለት ነገር ተናገሩ፤ መጠርጠራቸውንና የልጆቻቸው ዝምታ እንዳላረጋጋቸው። ይህን መልስ ያልሰማ ሐኪም ከየት እንደሚጀምር አያውቅም።

ሦስተኛው እርምጃ ይከተላል።

ሐኪም፦ «ውጤቱ ደርሶኛል። አንዳንድ ሰው ሁሉንም በዝርዝር ራሱ መስማት ይፈልጋል። አንዳንዱ ዋናውን ብቻ ይበቃኛል ይላል። ሌላው ደግሞ ‹ለልጆቼ ንገሩልኝ፤ እነርሱ ይምከሩበት› ይላል። ሁሉም ትክክል ነው። እርስዎ የትኛውን ይመርጣሉ?»

እናትየዋ ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያም «እኔው ልስማው። ልጆቼም ይስሙ» አሉ።

ልጁ አቀረቀረ። ነገር ግን ውሳኔው የሐኪሟ አልነበረም፤ የራሱም አልነበረም። ጥያቄው ሦስት በሮች ከፍቶ ነበር፤ እናቱ የገቡበትን እርሳቸው መረጡ። «መስማት ይፈልጋሉ ወይ?» ተብሎ በአንድ በር ብቻ ቢጠየቁ ኖሮ ጥያቄው ራሱ ያስደነግጣቸው ነበር። ሦስቱም መንገዶች የታወቁና የተከበሩ መሆናቸው ሲነገር ግን ለታማሚው የመምረጥ ነፃነት ይሰጣል።

አራተኛው እርምጃ የሚጀምረው በማስጠንቀቂያ ነው፤ በአገራችን ሽማግሌዎች በማለዳ በር ላይ ሲታዩ ባለ ቤቱ ልቡን እንደሚያዘጋጅ ማለት ነው።

ሐኪም፦ «እናቴ፣ የተመኘነውን ውጤት አላገኘንም። የምነግርዎ ነገር ከባድ ነው።»

ለአፍታ ትቆያለች። ከዚያ፦

«ከጡትዎ በተወሰደው ናሙና ውስጥ ካንሰር ተገኝቷል።»

ከዚህ በኋላ ሐኪሟ ዝም ትላለች። ይህ ከሁሉ የሚከብደው ክፍል ነው። ዝምታው አሥር ወይም አሥራ አምስት ሰከንድ ቢቆይ ለተናጋሪው አንድ ሰዓት ይመስለዋል፤ ስለዚህ ብዙ ሐኪሞች በሆርሞን ተቀባይ፣ በቀዶ ጥገና ዓይነትና በስታቲስቲክስ ይሞሉታል። የደነገጠ ሰው ግን «ካንሰር» ከሚለው ቃል በኋላ የሚነገረውን እምብዛም አይሰማም። ቀጥሎ የሚናገሩት እናትየዋ እንጂ ሐኪሟ መሆን የለባትም።

እንባ፣ ነጠላና «የእርሱ ፈቃድ»

ሴት ልጃቸው ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። እናትየዋ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አድርገው «እንግዲህ የእርሱ ፈቃድ ይሁን» አሉ።

አምስተኛው እርምጃ እዚህ ላይ ነው። ባህሉን የማታውቅ ሐኪም «የእርሱ ፈቃድ» የሚለውን ተስፋ መቁረጥ ወይም ሕክምናን እምቢ ማለት አድርጋ ልትወስደው ትችላለች። ብዙውን ጊዜ ግን ይህ ቃል ከባዱን ነገር ለመሸከም የሚያዝ ምርኩዝ ነው። ስለዚህ መከራከርም፣ «ሕክምናው ግን የግድ ነው» ብሎ መቸኮልም አይገባም። «አይዞዎት፣ ምንም አይደለም» ማለትም ውሸት ነው፤ ነገሩ ምንም አይደለም አይባልምና።

ሐኪም፦ «ይህን መስማት ከባድ ነው። እኔም ሌላ ነገር ብነግርዎ ደስ ባለኝ። እዚሁ ነኝ፤ አልቸኩልም።»

ውኃና መሐረብ ቀረበ። ልጅቷ እስክትረጋጋ ድረስ ሁሉም ጠበቀ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ እናትየዋ ነጠላቸውን ገለጥ አድርገው ሐኪሟን አዩአት።

እናት፦ «ልሞት ነው?»

ልጁ የፈራው ጥያቄ ይህ ነው። የተዘጋጀ መልስ ያስፈልገዋል።

ሐኪም፦ «እስካሁን ባየነው ምርመራ በሽታው ጡትዎ ላይ ነው ያለው። እብጠቱ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ነው። በብብትዎ ያሉት ንፍፊቶች በአልትራሳውንድ ሲታዩ ጤናማ ይመስላሉ። እንዲህ ያለውን ካንሰር የምናክመው ለማዳን ነው። ሙሉውን እውነት የምናውቀው ግን ከቀዶ ጥገናው በኋላ፣ የወጣው ሁሉ ሲመረመር ነው። ያኔም ያገኘሁትን እነግርዎታለሁ።»

በዚህ መልስ ውስጥ ተስፋው የቆመው በምርመራው ላይ ነው፤ ወሰኑም በግልጽ ተቀምጧል። «በእርግጥ ይድናሉ» አልተባለም፤ ገና ያልታወቀ ነገር አለና። «ይህን ያህል ዓመት» የሚል ቁጥርም አልተጠራም። በሽታው በአጥንት ወይም በጉበት ላይ ተሰራጭቶ ቢሆን ኖሮ መልሱም ሌላ ይሆን ነበር፤ ያኔ «ለማዳን» የሚለው ቃል በአፍ መግባት የለበትም፤ በሽታውን ማስታገሥና ዕድሜን ማራዘም እንደሚቻል ይነገራል።

ከክፍሉ ሲወጡ የሚይዙት

ስድስተኛው እርምጃ ቀጣዩ መንገድ ነው። ሐኪሟ ሦስት ነገር ብቻ ትናገራለች፤ በአማርኛም ተጽፎ ይሰጣቸዋል። በሚቀጥለው ማክሰኞ የቀዶ ጥገና ሐኪም ያያቸዋል። ሐኪሙ እብጠቱን ብቻ አውጥቶ ጨረር ማስከተል ወይም ሙሉ ጡቱን ማውጣት የሚሉትን ሁለት መንገዶች ያስረዳቸዋል፤ በቀዶ ጥገናውም ጊዜ ከብብታቸው ጥቂት ንፍፊት ወጥቶ ይመረመራል። ይህ ካንሰር ኢስትሮጅን በሚባለው ሆርሞን የሚያድግ ዓይነት በመሆኑ፣ በኋላ ቢያንስ ለአምስት ዓመት በየቀኑ የሚዋጥ ክኒን ይኖራል። ኬሞቴራፒ ያስፈልግ እንደሆነ ገና አልተወሰነም።

እናት፦ «ጸበል መግባትስ እችላለሁ?»

ሐኪም፦ «ይችላሉ። የምለምንዎ ሁለት ነገር ነው፤ በጸበሉ ምክንያት ቀጠሮና መድኃኒት እንዳይቀር፣ ከቀዶ ጥገናው በኋላም ቁስሉ እስኪድን ውኃ እንዳይነካው። ሲሄዱ ብቻ ይንገሩኝ፤ አብረን እናስተካክለዋለን።»

«አይቻልም» ብትል ኖሮ እናትየዋ ጸበሉን አይተዉም ነበር፤ ለሐኪሟ መንገሩን ግን ይተዉ ነበር።

ቀጥላ ሐኪሟ መልእክቱ በትክክል መድረሱን ትፈትሻለች። «ገባዎት?» ብትል «እሺ» ይባላል፤ በእኛ ዘንድ «እሺ» አክብሮት ነው፤ መረዳትን አያረጋግጥም። ስለዚህ ጥያቄው ይለወጣል።

ሐኪም፦ «ዛሬ ማታ እኅትዎ ከደሴ ቢደውሉና ‹ምን አሉሽ?› ቢሉ ምን ይመልሳሉ?»

እናት፦ «ጡቴ ላይ ካንሰር ተገኝቷል እላታለሁ። ሌላ ቦታ አልሄደም። ማክሰኞ የሚያወጣው ሐኪም ያየኛል። … ግን ለእርሷ አሁን አልነግራትም። ብቻዋን ናት።»

ሐኪም፦ «ለማን፣ መቼ እንደሚነገር የሚወስኑት እርስዎ ነዎት። ልጆችዎም ያለ እርስዎ ፈቃድ ለማንም አይናገሩም።»

ይህ የመጨረሻ ቃል ለልጆቹ ነው። ወሬ በአንድ ቅዳሜ ከቤተ ክርስቲያን እስከ ዕድር በሚዳረስበት ማኅበረሰብ ውስጥ፣ እናትየዋ ቤታቸው በጠያቂ ተሞልቶ ሳያዩት ለራሳቸው የሚያስቡበት ጊዜ ያስፈልጋቸዋል።

«እኔ አልፈልግም» ቢሉስ?

እናትየዋ በሦስተኛው እርምጃ «ለልጄ ንገሩት» ቢሉ ኖሮ ሐኪሟ በግድ አትነግራቸውም ነበር። አለማወቅን መምረጥም የታማሚው መብት ነው። ሆኖም ምርጫው ከእርሳቸው አፍ መስማት አለበት እንጂ ልጁ ስለ እርሳቸው ሊናገር አይችልም። ሐኪሟ ጥቂት ቆይታ አንድ ጊዜ ደግማ ትጠይቃለች፤ ምርጫቸውን በመዝገባቸው ላይ ትጽፋለች፤ ውጤቱን የሚሰማውንና ስለ እርሳቸው የሚመክረውን ሰው ስም በወረቀት ያስፈርማሉ።

ይህ መንገድ ወሰን አለው። ቀዶ ጥገና የሚደረግለት ሰው ምን እንደሚደረግለትና ለምን እንደሆነ ሳያውቅ ሊፈርም አይችልም። ስለዚህ የበሽታው ስም ባይጠራም «እብጠቱ ካልወጣ የሚያድግና የሚጎዳ ነው» መባል አለበት። በየቀጠሮውም አንድ ዓረፍተ ነገር ይደገማል፦ «ዛሬ ስለ ሕመምዎ ሊጠይቁኝ የሚፈልጉት ነገር አለ?» መጀመሪያ ላይ «አልፈልግም» ያለ ሰው ከሳምንታት በኋላ፣ አንዳንዴም ልጁ መኪና ሊያቀርብ በወጣበት ቅጽበት፣ ራሱ ይጠይቃል።

ነገሩ መበላሸቱ የሚታወቅበት

በጥንቃቄ የተጀመረ ንግግርም ሊበላሽ ይችላል። ሐኪም ረጅም ነገር ተናግሮ አስተርጓሚው በሦስት ቃል ከጨረሰ፣ ወይም «ካንሰር» የሚለው ቃል ካልተሰማ፣ ቆም ብሎ ማስደገም ይገባል። ልጁ ከአስተርጓሚው ቀድሞ ለእናቱ በጆሮ ካንሾካሾከ፣ መልእክቱ እየተለወጠ መሆኑ መጠርጠር አለበት። ታማሚው ምንም ሳይጠይቅ እየፈገገ «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ከወጣ፣ መረዳቱ ሳይሆን መጨዋነቱ ነው የታየው፤ በማግሥቱ ነርስ በአስተርጓሚ በኩል ልትደውል ይገባል። ከሁሉ የከፋው ምልክት የቀረ ቀጠሮ ነው። ያልመጣው ታማሚ ቸልተኛ ላይሆን ይችላል፤ ምናልባት የመጨረሻ ቃሉን ሰምቶ የተቀመጠ ሰው ነው።

በምሳሌያችን እናትየዋ ማክሰኞ መጡ። ያመጣቸውም «አይንገሯት» ያለው ልጅ ነው። በመጠበቂያው ክፍል ውስጥ «ያን ቀን ለምን ዝም አልከኝ?» ብለው ጠየቁት። «ትሞቻለሽ ብዬ ፈርቼ ነው» አላቸው። «እኔም» አሉ እናቱ፣ «አንተ ትሰበራለህ ብዬ ዝም ብዬ ነበር።»